ተታልለው የገዙት መኪና፦ ስለ ውል ማፍረስ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«"ባለችበት ሁኔታ አይቼ ተረክቤያለሁ" ብዬ ፈርሜያለሁ። በቃ፣ አለቀ።»

አላለቀም። ይህች ዐረፍተ ነገር ሻጩን የምታድነው ዓይን ከሚያየው ጉድለት ነው። ጎማው ካለቀ፣ ወንበሩ ከተቀደደ አይታችኋልና ዝም ትላላችሁ። ሻጩ እያወቀ በተንኮል የሸሸገውን ጉድለት ግን አትሸፍንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲህ ላለው ሻጭ ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ የውል ቃል ዋጋ አይሰጠውም።

«ዋሽቶኛል። ውሸቱን ካስረዳሁ ውሉ ይፈርሳል።»

ብዙ ገዢ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ (ቁጥር 1704) ውል እንዲፈርስ የሚፈልገው የማታለል ተግባር ነው። ገዢው ባይታለል ኖሮ ውሉን የማይገባ መሆኑም መታየት አለበት። ተራ ውሸት ብቻውን ውል የሚያፈርሰው በሁለቱ መካከል የተለየ መተማመን ሲኖር ነው (1705)። በደላላ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለ መተማመን አለን ቢሉ ዳኛው አይቀበላቸውም።

በምሳሌ እንየው። አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር ከቡሬ ሰው ኮሮላ በ1,400,000 ብር ገዛ እንበል። ሻጩ «ተጋጭታ አታውቅም፣ 86 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው» ብሎታል። ዳሽቦርዱም 86 ሺህ ያሳያል። መምህሩ በወሩ ዘይት ሊያስቀይር ጋራዥ ሲገባ፣ መካኒኩ ከኮፈኖው ሥር የተለጠፈች የቆየች የዘይት ወረቀት ያገኛል። ወረቀቷ ላይ 143 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጽፏል፣ ቀንም አለው። የስኮርታ ጎማው ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ ያለው ወለል በእጅ የተበየደ ሆኖ ተገኘ።

«ተጋጭታ አታውቅም» የሚለው በቃል የተነገረ ነው። ሻጩ «እኔም ስገዛት እንዲሁ ነው የነገሩኝ» ቢል ማስተባበሉ ይከብዳል። ኪሎ ሜትሩ ግን በራሱ አይቀንስም፤ ሰው ነክቶታል። ያ ሰው ሻጩ ነው ወይስ የቀድሞው ባለቤት? መልሱ ያለው የወረቀቷ ቀንና ሊብሬው ላይ ነው። 143 ሺህ የተጻፈው መኪናዋ በሻጩ ስም ከዞረች በኋላ ከሆነ፣ ሻጩ ማምለጫው ይጠባል። መምህሩ ትኩረቱን ከግጭቱ ይልቅ ኪሎ ሜትሩ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ሌላም በር አለ። «ያልተጋጨች፣ 86 ሺህ የሄደች» የሚለው ውሉ ላይ በጽሑፍ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ተንኮሉን ማስረዳት ባላስፈለገ። የተሰጠው ዕቃ ከውሉ አይገጥምም ብሎ መክሰስ ይቻላል። ጉድለቱ መሠረታዊ ከሆነ ሽያጩ ይሰረዛል። ቀላል ከሆነ ግን የዋጋ ቅናሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት ከመፈረም በፊት እነዚህን ሁለት መስመሮች ማስጻፍ ከማንኛውም የደላላ መሐላ ይበልጣል።

«ሁለት ዓመት ጊዜ አለኝ፣ ቀስ ብዬ እከሳለሁ።»

ሁለቱ ዓመት ለማታለል ክስ ነው (1810)። የሚቆጠረውም ማታለሉ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በዕቃ ጉድለት የሚቀርበው ክስ ግን አጭር ነው። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ነው (2298)። ስለዚህ መምህሩ በዚያው ሳምንት ምን እንዳገኘ ዘርዝሮ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ሻጩን አስፈርሞ ቅጂውን ይያዝ። ስልክ ደውሎ መጨቃጨቅ ማስረጃ አይሆንም።

ብየዳውም ሳይነካ መካኒኩ ያየውን ጽፎ ይፈርም፣ ፎቶም ይነሳ። አስጠግኖ መክሰስ ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ሁሉን አውቆ መኪናዋን ለወራት ደጀንና ባሕር ዳር ሲያመላልስባት ከከረመ ደግሞ ሻጩ «እያወቀ ተቀብሏታል» ብሎ ይከራከራል።

«መኪናዋን በሩ ላይ አቁሜ ቁልፉን ብወረውርለት ብሬን ይመልሳል።»

ከተስማማ ጥሩ። ስምምነቱ ይጻፍ፣ የሊብሬው ስምም ይመለስ። እምቢ ካለ ግን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ነው፤ በር ላይ ቆማ ለምትሰረቅ መኪና ማንም ኃላፊ አይሆንላችሁም። ውሉ ሲፈርስ ሁለቱም በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ (1815)። መምህሩ 1,400,000 ብሩን ይቀበላል፣ መኪናዋንና ሊብሬውን ያስረክባል። ያወጣውን ወጪ ከጠየቀ ደረሰኝ ይዞ ነው።

«ፖሊስ ካሰረው ገንዘቤ ይመጣል።»

ማታለል ወንጀል ነው (የወንጀል ሕግ 692)፣ መክሰስም መብት ነው። ሻጩ መታሰሩ ግን ብሩን ኪሳችሁ አይከተውም፤ የፍትሐ ብሔሩን ክስ አታቆዩት። ሻጩ ንብረቱን እየሸጠ መሆኑን ካወቃችሁ፣ ክሱን ስታቀርቡ ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲታገድ አብራችሁ አመልክቱ።