ያልወጣ ዘፈን ፍለጋ ምንድን ነው?

አንድ ባንድ መድረክ ላይ ተጫውቶት አልበም ላይ ያላወጣውን ዘፈን፣ ወይም ስቱዲዮ ውስጥ ለሙከራ ተቀርጾ የቀረውን ዴሞ ማደን ማለት ነው። ብዙ ሰው የዘፈኑን ስም ዩቲዩብ ላይ ይጽፋል፣ ምንም አያገኝም፣ ከዚያ “የለም” ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ላይ ነው። ያልወጣ ዘፈን የታወቀ ርዕስ የለውም። ርዕስ የሚያወጡለት ካሴት የሚለዋወጡ አድናቂዎች ናቸው፤ እነሱም የሚያወጡለት በጩኸት መሃል የሰሙትን ቃል ይዘው ነው።

የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና “ዩ ኖው ዩር ራይት” ጥሩ ምሳሌ ነው። ባንዱ ይህን ዘፈን መድረክ ላይ እንደተጫወተው የሚታወቀው አንዴ ብቻ ነው፤ ኦክቶበር 23 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.፣ ቺካጎ፣ አራጎን ቦልሩም አዳራሽ። ከተመልካች መሃል የተቀረጸው ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር “ኦን ኤ ማውንቴን” የሚል ስም ወጣለት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1994 ባንዱ ሲያትል አካባቢ ባለው ሮበርት ላንግ ስቱዲዮ ቀረጸው። የባንዱ ዘፋኝ ከርት ኮቤይን በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ሞተ። በ1995 ሚስቱ ኮርትኒ ላቭ ከባንዷ ከሆል ጋር በኤምቲቪ አንፕለግድ ላይ ስትጫወተው ደግሞ ስሙ “ዩቭ ጎት ኖ ራይት” ሆነ። የስቱዲዮው ቅጂ በይፋ የወጣው በ2002 ነው፣ በእሷና በቀሩት የኒርቫና አባላት መካከል የነበረው የፍርድ ቤት ክርክር ከተቋጨ በኋላ። አንድ ዘፈን በሦስት ስም ማለት ነው። በመጨረሻው ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የቺካጎውን ካሴት ላያገኘው ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑንና ቦታውን ያዙ። ባንዶች በየኮንሰርቱ የተጫወቷቸውን ዘፈኖች በሚዘረዝረው setlist.fm ላይ የባንዱን ኮንሰርቶች በቅደም ተከተል እዩና ያልታወቀ ወይም እንግዳ ርዕስ ያለበትን ምሽት ምረጡ። ከዚያ የዘፈኑን ስም ትታችሁ ምሽቱን ፈልጉ፦

```
"Nirvana" "Aragon Ballroom" "1993-10-23"
"Nirvana" "Chicago" "10/23/93"
```

ቀኑን በሁለት አጻጻፍ የሞከርኩት ሰብሳቢዎች ፋይላቸውን የሚሰይሙት እንደየልማዳቸው ስለሆነ ነው። ሁለት ምሽት በተከታታይ የተጫወቱበት አዳራሽ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ፣ የቀን መሳሳት በጣም የተለመደ ነው። ስታገኙም ነጠላውን ዘፈን ሳይሆን ሙሉውን ምሽት ፈልጉ። ከፊቱ ያለው ዘፈን ሲያልቅ የሚሰማው ጭብጨባ ሳይቆረጥ ወደሚቀጥለው ከገባ፣ አንዱ አድናቂ ቤቱ ተጫውቶ “ዴሞ” ብሎ የለጠፈው ነገር እንዳልሆነ ትልቅ ምልክት ነው።

ሙሉውን ምሽት ማግኘት ሌላም ጥቅም አለው፤ የካሴቱን ፍጥነት ለመለካት ያስችላል። የድሮ ካሴት ማጫወቻዎች ይፈጥናሉ ወይም ይዘገያሉ፣ ድምፁም አብሮ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ያልወጣውን ዘፈን የምታወዳድሩበት ነገር የላችሁም፤ በዚያው ካሴት ላይ ያለውን የታወቀ ዘፈን ግን ከአልበሙ ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ባንዶች፣ ኒርቫናን ጨምሮ፣ መድረክ ላይ ጊታራቸውን በግማሽ ቶን ዝቅ አድርገው ይቃኛሉ፤ ያኔ ካሴቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የዘገየ ይመስላል። የዘፋኙን የንግግር ድምፅ በዘፈኖቹ መሃል አዳምጡ፣ እሱ አያታልልም።

ፋይሉ “ፍላክ ነው፣ ጥራቱ አልቀነሰም” ከተባለም በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቀጭንና ወፍራም ድምፅ በምስል በሚያሳየው፣ ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት። ምስሉ 16 ኪሎኸርትዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካበቃ፣ ምናልባት ጥራት ከሚቀንሰው ከኤምፒ3 ተመልሶ የተቀየረ ነው። ካሴትም በጣም ቀጭኑን ድምፅ ያጣል፣ ግን ቀስ በቀስ እየሳሳ ነው የሚጠፋው።

ዴሞ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ተመልካች የለም፣ ቀረጻው ያለው በስቱዲዮው ወይም በሙዚቀኛው እጅ ነው። ቢያንስ ዘፈኑ መኖሩን ማረጋገጥ ግን ይቻላል። አስካፕና ቢኤምአይ የተባሉት የአሜሪካ የደራሲያን መብት ድርጅቶች በነፃ የሚፈተሽ መዝገብ አላቸው፤ ያልወጣ ዘፈንም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። እዚያ ያገኛችሁትን ርዕስ ይዛችሁ ፍለጋውን እንደገና ጀምሩ።

የኛን ሙዚቃ የምትፈልጉ ደግሞ “አልወጣም” ከማለታችሁ በፊት ካሴቱን አስቡ። ብዙ የአማርኛ ሥራ በካሴት ብቻ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ሳይገባ ቀርቷል፣ ያ ያልወጣ አይባልም። የወጡ አልበሞችና ካሴቶች በሚመዘገቡበት Discogs ላይ ስትፈልጉ የላቲን አጻጻፉን ቀያይሩ፤ ትዝታ አንዱ ጋ Tezeta ነው፣ ሌላው ጋ Tizita።