ለዘገየ ዕቃ ገንዘብ ማስመለስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካልተሳደብኩ ከቁም ነገር አይቆጥሩኝም።»

መልእክቱን የሚያነበው ሰው ዕቃውን ያዘገየው ሰው አይደለም። ፊቱ ብዙ ቅሬታ ተደርድሯል፣ ከእያንዳንዱ የሚፈልገውም የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ የተባለውን ቀንና ደንበኛው ምን እንደጠየቀ ነው። ስድብ ካየ ደግሞ ንግግሩን ለመዝጋት ሰበብ አገኘ ማለት ነው። ይቺን እዩዋት፦

«ሌቦች ናችሁ! ለልደት ያዘዝኩት ጫማ ልደቱ አልፎም አልመጣም፣ ስንት ጊዜ ልደውል!!!»

ንዴቱ ይገባኛል። ግን ቁጥር የለ፣ ቀን የለ፣ ጥያቄም የለ። ያው ቅሬታ እንዲህ ሲጻፍ ሌላ ነው፦

«የትዕዛዝ ቁጥር 4471። ጫማው ሰኔ 5 እንደሚደርስ በማረጋገጫችሁ ላይ ተጽፏል። ዛሬ ሰኔ 14 ነው፣ አልደረሰም። የፈለግኩት ለሰኔ 8 ስለነበር አሁን አያስፈልገኝም። ትዕዛዙን ሰርዛችሁ የማድረሻውን ክፍያ ጨምሮ ሙሉ ገንዘቤን በከፈልኩበት መንገድ መልሱልኝ። እስከ ሰኔ 19 ካልተመለሰ በካርዴ ባንክ በኩል የክፍያ ክርክር እከፍታለሁ። የማረጋገጫው ፎቶ ተያይዟል።»

የክፍያ ክርክር ማለት የከፈላችሁት ገንዘብ እንዲመለስ ባንኩን መጠየቅ ነው። መልእክቱ ውስጥ «ምን ይሻላል?» የሚል ልመና የለበትም። እንዲህ ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚመጣው መልስ «ትንሽ ይታገሱ» ነው።

«ቀኑ መከታተያው ላይ አለ፣ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርጋል?»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ሲዘገይ መከታተያው ላይ ያለው ቀንም ብዙ ጊዜ አብሮ ይገፋል፣ ከሳምንት በኋላ ስታዩት ምንም ያልዘገየ ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ የተገባላችሁ ቀን ያለው ስታዝዙ በደረሳችሁ ማረጋገጫ ላይ ነው፣ እሱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቀኑ አጠገብ «ግምት» የሚል ካለ አቋማችሁ ትንሽ ይላላል። ያኔ የሚያግዛችሁ ስታዝዙ «ለዚህ ቀን ነው የምፈልገው» ብላችሁ የጻፋችሁት ነገር ነው፣ ካለ።

«ኩፖን ቢሰጡኝም ያው ገንዘቤ ነው።»

ኩፖን የሚሠራው እዚያው ሱቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀነ ገደብ አለው። ከተቀበላችሁት ጉዳዩ አለቀ ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። «አመሰግናለሁ፣ ኩፖኑን አልቀበልም፤ የጠየቅኩት ገንዘቤ እንዲመለስ ነው» በሉ፣ ሌላ አትጨምሩ።

«ዕቃው በመሃል ከመጣ ተቀብዬ እከራከራለሁ።»

ከፍታችሁ ከተጠቀማችሁበት ክርክሩ ይከብዳል። ከቻላችሁ በር ላይ መልሱት። ሳታውቁ ከተቀበላችሁት ሳትከፍቱ የዚያኑ ቀን ጻፉላቸው።

«ባንክን መጥቀስ ማስፈራራት ነው፣ ትቼ ልጠብቅ።»

የምታደርጉት ከሆነ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። የማታደርጉትን ግን አትጻፉ። በባንክም ሆነ ባዘዛችሁበት የገበያ መተግበሪያ ክርክር የሚከፈትበት ጊዜ የተወሰነ ነው፣ «እያየነው ነው» እያሉ ሲያቆዩዋችሁ ያልፋችኋል። የመጨረሻውን ቀን ዛሬውኑ አረጋግጡ፣ ለሱቁ የሰጣችሁት ቀነ ገደብም ከዚያ በፊት ይሁን።