ማታ ራስን መመርመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁጭ ብሎ ራስን መውቀስ አይደል እንዴ?»

ስቶይኮች ከሚባሉት የጥንት ፈላስፎች አንዱ የሆነው የሮሙ ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፈው ሥራ 3ኛ መጽሐፍ ላይ የራሱን ልማድ ያወጋል። መብራቱ ይጠፋል። ሚስቱ አመሉን ስለምታውቅ ዝም ትላለች። ከዚያ ቀኑን ከራሱ ጋር ይተሳሰባል። ምንም አይደብቅም፣ ምንም አይዘልም። ጥፋት ሲያገኝ ታዲያ የሚለው በግርድፉ ይሄን ነው፦ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ፤ ለዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ከሚያነሳቸው ጥፋቶች አንዱ እንዲህ ነው። አንዱን ሰው ከሚገባው በላይ በድፍረት ገሠጸው። ሰውየው ግን አልታረመም፣ ተቀየመ። ከዚህ በኋላ የምትናገረው እውነት መሆኑን ብቻ አትይ፣ ሰሚው ሊሸከመው መቻሉንም እይ ይላል ለራሱ። ያደረገው አለ፣ ያስከተለው አለ፣ የሚቀጥለው ጊዜ አለ። «እኔ መጥፎ ሰው ነኝ» የሚል ነገር የለበትም።

እኔም በቅርቡ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። ስብሰባ ላይ የባልደረባዬን ስህተት በሰው ፊት አነሳሁ። ማታ ነገሩ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ያልኩት «ስህተት እኮ ስህተት ነው» ነበር። ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ ማለት ነው። ቀጥዬ «ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» አልኩ። ይሄኛው ደግሞ ትሕትና ይመስላል እንጂ የተደረገውን ነገር ከማየት መሸሻ ነው። በመጨረሻ ቃል በቃል ምን እንዳልኩ ራሴን ጠየቅኩ። «ይሄን ማነው የሠራው?» ነበር ያልኩት። ማን እንደሠራው ደግሞ አሳምሬ አውቅ ነበር። ጥፋቱ እርማቱ ላይ አልነበረም፣ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር። ጠዋት ለብቻው አግኝቼው ይቅርታ ለመጠየቅ ወሰንኩና ተኛሁ።

«ቀኑ እንዴት እንደተሰማኝ ባስታውስ አይበቃም?»

አይበቃም። ሌላው የስቶይክ ፈላስፋ ኤፒክቴተስ ለተማሪዎቹ የሚጠቅስላቸው፣ በፓይታጎራስ ስም የሚታወቅ የቆየ ግጥም አለ። እንቅልፍ ዓይንህን ሳይይዘው የቀኑን ሥራ አንድ በአንድ እለፍበት ይላል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። የት ላይ ተሳሳትኩ? ምን ሠራሁ? ማድረግ ሲገባኝ ሳላደርግ የቀረሁት ምንድን ነው?

ስሜት የማይደርስባት ሦስተኛዋ ናት። ክፉ የተናገርን ቀን ቆይቶም ቢሆን ይቆጠቁጠናል። «ቆይቼ እደውላለሁ» ብለን ያልደወልንለት ሰው ግን ምንም ሳይሰማን ያልፋል። ለዚህ ነው ቀኑን በስሜት ሳይሆን በተርታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማስኬድ የሚያዋጣው። ግጥሙ በነገራችን ላይ በጥፋቱ እዘን ብሎ አያቆምም፤ በደግ ሥራህም ደስ ይበልህ ይላል። ይቺን ብዙዎቻችን እንረሳታለን።

«የስቶይኮቹም የመነኮሳቱም ያው አይደል?»

ሰዓቱ ሊመሳሰል ይችላል። ሴኔካ ዘንድ ግን ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ነው። ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1548 በታተመው የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ አምስት ደረጃ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ስለተቀበሉት በጎ ነገር አምላክን ማመስገን፣ ቀጥሎ ኃጢአትን የሚያዩበት ጸጋ መለመን ነው። ቀኑን በየሰዓቱ መፈተሹ የሚመጣው በ3ኛ ደረጃ ነው። ከዚያ ይቅርታ መጠየቅና ለመታረም መቁረጥ ይከተላሉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሰው በራሱ ዓይን ብቻ ራሱን አያይም። ቅዱስ እንጦንስም መነኮሳቱን ሥራችሁንና ሐሳባችሁን ለሌላው እንደምትናገሩ አድርጋችሁ ጻፉት ይላቸው ነበር። ሌላ ሰው ያነበዋል ብሎ የሚጽፍ ሰው ያፍራል፤ እፍረቱም ይጠብቀዋል።

«ብዙ በመረመርኩ ቁጥር ይሻላል»

ኢግናጥዮስ ራሱ ይሄ ነገር አሠቃይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1522 ማንሬሳ በምትባል የስፔን ከተማ ሳለ የድሮ ኃጢአቱን ደጋግሞ ይናዘዝ ነበር። ሁሉንም ጽፎ ቢናዘዝም አላረፈም፤ የረሳው እየመሰለው እንደገና ይመለስበታል። የወጣበት መንገድ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ኃጢአት ዳግም ላለመናዘዝ መወሰኑ ነው።

ምርመራው ወደ መብሰልሰል መዞሩ በዚህ ይታወቃል። ያው ጉዳይ በሦስተኛውም ማታ ይመጣል፣ አዲስ የሚያስተምረው ነገር ግን የለም። «ከእንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚባል ውሳኔም አይወጣውም። ሴኔካ ከምርመራው በኋላ የሚመጣው እንቅልፍ የረጋና ጥልቅ እንደሆነ ይናገራል። የእኔ የስብሰባ ነገርም በሦስተኛው ማታ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ይቅርታውን ጠይቄ ጨርሻለሁ፣ ጉዳዩም የዚያን ዕለት ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ ተውኩትና የዕለቱን ቀን ከጠዋቱ ጀመርኩ።