ክሬዲት ኖት ምንድን ነው? ዱቤም አይደለም፣ ውለታም አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው «ክሬዲት ኖት ማለት ዕቃ በዱቤ ለወሰደ ደንበኛ የሚሰጥ ወረቀት ነው» ሲል ሰማሁ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። «ክሬዲት» ሲባል ዱቤ ትዝ ስለሚለን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በዱቤ ሲሸጥ የሚቆረጠው ግን የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ነው። በክሬዲት ኖት ሻጩ፣ ለምሳሌ ዕቃ ጎድሎ ሲደርስ፣ አስቀድሞ ከቆረጠው ኢንቮይስ ላይ ሂሳብ ይቀንሳል። የደንበኛው ዕዳ በዚያው ልክ ይወርዳል።

ይሄኛው ስህተት በአንድ ደቂቃ ይታረማል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ሰውየው ቀጥሎ «ደንበኛው መጀመሪያ ሙሉውን ይክፈል፣ ለጎደለው በኋላ እናስብለታለን» አለ። «እናስብለታለን» የሚለው ቃል ክሬዲት ኖትን ውለታ ያደርገዋል። በዚህ አስተሳሰብ የተጻፈ ደብዳቤ ስንት ደንበኛ እንዳስቀየመ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ያኔ የምሠራው በአንድ የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነበር። ለአንድ ሆቴል 120 ካርቶን ፈሳሽ ሳሙና ሸጥን። የአንዱ ዋጋ 1,500 ብር ነው። ዕቃው 180,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ (15 በመቶ) 27,000፣ ጠቅላላው 207,000 ብር። ኢንቮይሱ ኅዳር 5 ተቆረጠ፣ ዕቃውም በዚያው ቀን ሄደ። የክፍያ ጊዜው 30 ቀን ስለሆነ ታኅሣሥ 5 ይሞላል።

ታኅሣሥ 20 ድረስ ብር አልገባም። እኔም «ክፍያው በ5 ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ ወደ ሕግ እንሄዳለን» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ከሆቴሉ የዕቃ ማስረከቢያው ፎቶ ደረሰኝ። ከታች፣ ከፊርማው አጠገብ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ በሰማያዊ እስክሪብቶ «108 ካርቶን ተረክቤያለሁ፣ 12 ጎድሏል» ብላ ጽፋለች። ሾፌራችንም ፈርሟል። የእኛ ኮፒ ከመኪናው ወደ መጋዘን ሄዶ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ሂሳብ ክፍል የደረሰው ኢንቮይሱ ብቻ ነው። የሆቴሉ ሰዎች በኅዳር ወር ሁለት ጊዜ ደውለው ክሬዲት ኖት ጠይቀው ነበር። ስልኩን ያነሳው የሽያጭ ሠራተኛም «እሺ» ብሎ ረስቶታል።

ነገሩን በእድር ወንበር እዩት። ለልጅ ሠርግ ከእድር 50 ወንበር ጠየቃችሁ እንበል። መዝገቡ ላይ 50 ተባለ፣ ቤታችሁ የደረሰው ግን 44 ነው። ሠርጉ አልፎ ስትመልሱ ንብረት ያዡ «6 ወንበር ጎድሏል፣ ክፈሉ» ይላችኋል። መዝገቡን እንዲያስተካክል ስትጠይቁት ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። መዝገቡ ስህተት ነው፣ ማረም ያለበትም እሱ ነው። እናንተ ብዕር አንስታችሁ መዝገቡን ልትሰርዙት አትችሉም። እሱም 50 የሚለውን ፍቆ 44 ቢያደርገው ነገ ሌላ ሰው አያምነውም። ከሥር አዲስ መስመር ይጽፋል፦ «ከዚህ በላይ ከተመዘገበው 6 ያልደረሰ»። ክሬዲት ኖት ያቺ አዲስ መስመር ናት። በሌላ በኩል ደግሞ መዝገቡ ተሳስቷል ብላችሁ 44ቱን ወንበር ግቢያችሁ ውስጥ ልታስቀሩ አትችሉም።

ደብዳቤው ላይ ሁለቱም ነገር፣ የእኛ ስህተትም የደንበኛው ዕዳም፣ ሳይሸፋፈን መግባት አለበት። ከይቅርታ ጋር እንደገና የጻፍኩት እንዲህ ይል ነበር፦

«ኅዳር 5 ካስረከብናችሁ ዕቃ 12 ካርቶን መጉደሉን ከፈረምንበት የዕቃ ማስረከቢያ አረጋግጠናል። ክሬዲት ኖቱን በጊዜው ባለመላካችን ይቅርታ እንጠይቃለን። የ18,000 ብር ዋጋና የ2,700 ብር ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በጠቅላላው የ20,700 ብር ክሬዲት ኖት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። ስለዚህ ቀሪው ሂሳብ 186,300 ብር ነው። ባለፈው ደብዳቤያችን የ207,000 ብር ክፍያ መጠየቃችን ስህተት ስለሆነ ደብዳቤውን ሰርዘነዋል። የተረከባችኋቸውን 108 ካርቶኖች ክፍያ እስከ ጥር 5 እንድትፈጽሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

«መጀመሪያ ይክፈል» ለሚለው ሰው መልሴ ይኸው ነው። የሆቴሉ ሂሳብ ሠራተኛ በእጇ ያሉት ሁለት ወረቀቶች አይገጥሙም። ኢንቮይሱ 120 ይላል፣ የግምጃ ቤቱ ገቢ ደረሰኝ ደግሞ 108። ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ የሚሰፍረው 108 ነው። በዚህ ሰነድ 207,000 ብር አስፈርማ ብታወጣ ኦዲተር ይጠይቃታል። 186,300 ብትከፍል ደግሞ ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰነድ የላትም። ስለዚህ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ትጠብቃለች። እልኸኛ ሆና አይደለም።

ቢሆንም ደንበኛው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው ማለት አልችልም። ውሉ ሌላ ካላለ፣ የ12 ካርቶን ክርክር የ108ቱን ክፍያ ማስቆም የለበትም። ጥያቄውም በስልክ ብቻ መቅረት አልነበረበትም። በጽሑፍ ቢመጣ ኖሮ የሚረሳው ሰው አይኖርም ነበር። ይህን ግን ደብዳቤው ላይ አላነሳሁትም። ጥፋቱ የኛ ሆኖ ሳለ ምክር መስጠት አያምርም።

ታክሱን ካነሳሁ አይቀር የእድሩ ምሳሌ እዚህ ላይ ያበቃል። የእድር መዝገብ አንድ ነው፣ ኢንቮይስ ግን በሦስት ቦታ ይኖራል፦ እኛ ጋ፣ ደንበኛው ጋ፣ ገቢዎች ጋ። የኅዳርን ታክስ ስናሳውቅ 27,000 ብር ብለናል። ክሬዲት ኖት ካልቆረጥን ላልሸጥነው 12 ካርቶን 2,700 ብር ታክስ ከኪሳችን ከፈልን ማለት ነው። ሆቴሉም 27,000 ብሎ ከራሱ የሽያጭ ታክስ ላይ አቀናንሶ ከሆነ ያችኑ 2,700 መመለስ አለበት። ለዚህ ነው ክሬዲት ኖቱ ላይ የዋናው ኢንቮይስ ቁጥርና ቀን፣ ምክንያቱ፣ እንዲሁም ዋጋውና ታክሱ ተለያይተው መጻፍ ያለባቸው። ደንበኛው እጅ የገባን ኢንቮይስ ቀዶ በአዲስ መተካት መፍትሔ አይሆንም። ደንበኛው ከክፍያችን ላይ ቀንሶ ለገቢዎች የሚያስገባው ታክስ፣ ዊዝሆልዲንግም፣ የሚሰላው ከታክስ በፊት ካለው ከ162,000 ብር ላይ ነው። ከ180,000 ላይ ከተቆረጠ ሂሳቡ እንደገና አይገጥምም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የጎደለውን 12 ካርቶን በኋላ የምትልኩት ከሆነ ክሬዲት ኖት አያስፈልግም። ኢንቮይሱ ያኔ ትክክል ይሆናል፣ አዲስ የዕቃ ማስረከቢያ ብቻ ይበቃል። የ12ቱን የክፍያ ጊዜ ግን ከደረሱበት ቀን ቁጠሩላቸው። ክሬዲት ኖት ከተቆረጠ በኋላ ዕቃው ከሄደ ደግሞ አዲስ ኢንቮይስ ይቆረጥ። አንዱ ክፍል ክሬዲት ኖት ልኮ ሌላው ዕቃውን ያለ ኢንቮይስ ጭኖ ሲልክ አጋጥሞኛል። የሚታወቀው ቆጠራ ሲመጣ ነው፣ መጋዘኑ 12 ካርቶን ጎድሎት ሲገኝ።

ሆቴሉ ጥር 3 ቼኩን ላከ። ከ186,300 ላይ ዊዝሆልዲንጉ ተቀንሶ፣ ደረሰኙም አብሮ ተያይዞ።