የወሎ ማሳዎችና የሳተላይት ምስል፦ የተለያዩ ኮኦርዲኔቶችን በኪውጂአይኤስ ማስማማት

በወሎ የማሳ ወሰን ከሳተላይት ምስል ጋር አልገጥም ሲል ሰበቡ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ወሰኑ አዲንዳን በሚባለው የአገራችን ነባር ዳተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች በሚነሱበት መለኪያ፣ ተለክቷል፤ ምስሉ ደግሞ WGS 84 በሚባለው በጂፒኤስ ዳተም ነው። ሁለቱም ቁጥራቸውን በሜትር ይጽፋሉ፣ ሁለቱም UTM ከሚባለው የካርታ ፍርግርግ ዞን 37ን ይጠቀማሉ። በዓይን ሲታዩ አይለዩም። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ይህ ዳሰሳ ሰሜንና ደቡብ ወሎን ብቻ ይመለከታል።

አዲንዳን ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ በአባይ ዳር ካለ የመነሻ ነጥብ ነው። ወደ እኛ የመጣው ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአባይ ተፋሰስ ሲጠና ነው። ያኔ የአሜሪካ የቅየሳ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ተራራ ለተራራ የሦስት ማዕዘን ቅየሳ አካሄዱ። ምዕራብ ወሎም ውሃው በበሽሎ በኩል ወደ አባይ ስለሚወርድ የዚሁ ተፋሰስ አካል ነው። ስሌቱ የተመሠረተው በክላርክ 1880 የምድር ቅርፅ ነው። ከዚያ በኋላ የካርታ ሥራ ድርጅታችን ያሳተማቸው ባለ 1:50,000 ካርታዎች በዚሁ ዳተም ተዘጋጁ። የካርታውን ግርጌ ላነበበ ሁሉም ነገር ተጽፎለታል፦ ዳተሙም፣ የምድር ቅርፁም፣ ዞኑም። ያን የመሰለ ጥንቁቅ ሥራ በዛሬ ፋይሎች ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው። በኋላ ጂፒኤስ መጣ፤ WGS 84ም አብሮ ገባ።

የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ሁለቱን በኮድ ይለያቸዋል። የአዲንዳን UTM ዞን 37 ሰሜን `EPSG:20137` ነው። የ WGS 84ቱ `EPSG:32637` ነው። ወሎን የሚሸፍኑት የሴንቲኔል-2 ምስሎች በሁለተኛው ይመጣሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከኮምቦልቻ አጠገብ ካለው የቦርከና ሜዳ በአንድ ማሳ እንይ። የማሳው አንድ ጥግ በአዲንዳን 578400 ምሥራቅ፣ 1224600 ሰሜን ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። ያው መሬት በ WGS 84 ወደ 578496 እና 1224807 ይሆናል። ማለትም ቁጥሩ በምሥራቅ 96፣ በሰሜን 207 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የአዲንዳኑ ፋይል WGS 84 ነው ተብሎ ከተከፈተ፣ ማሳው ከእውነተኛ ቦታው ወደ ደቡብ ምዕራብ 228 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይታያል። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር፣ 50 በ50 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ወሰኑ ያረፈው ከጎረቤት ማሳ ላይ እንኳ አይደለም፤ ብዙ ማሳ ዘሎ ነው። ክፋቱ የቦርከና ሜዳ ማሳዎች ስለሚመሳሰሉ፣ የተንሸራተተው ወሰን አንዳንዴ ከሌላ ሰው ማሳ ጋር ልክክ ይላል።

ማስተካከያው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፤ ብዙ ሰው የሚያምታታውም እነዚህን ነው። አንደኛው ለፋይሉ እውነተኛ ዳተሙን መንገር ነው። ሌየሩ ላይ ቀኝ ጠቅ ተደርጎ በ `Layer CRS` ውስጥ `Set Layer CRS…` ይመረጣል፣ ከዚያም `EPSG:20137`። ይህ አንዲት ቁጥር አይነካም፤ ኪውጂአይኤስ ቁጥሮቹን እንዴት እንደሚያነብ ብቻ ይነግረዋል። ኪውጂአይኤስ 3 ሌየሮችን ለእይታ ራሱ ስለሚያስማማቸው፣ ወሰኑ ወዲያው ወደ ቦታው ዘሎ ሲገባ ይታያል። ሁለተኛው ቁጥሮቹን ራሳቸውን መቀየር ነው። ለዚህ ከ `Processing Toolbox` `Reproject layer` ይከፈትና መድረሻው `EPSG:32637` ተደርጎ አዲስ ፋይል ይወጣል።

ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ነገሩ ይበላሻል። WGS 84 የሚል የተሳሳተ መለያ የያዘን የአዲንዳን ፋይል `Reproject layer` ውስጥ መክተት ስህተቱን ቋሚ ያደርገዋል። አዲሱ ፋይል መለያውም ቁጥሩም የተስማማ ይመስላል፤ ቦታው ግን ያው 228 ሜትር ወዲያ ነው። ያኔ የሚያዋጣው ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ ነው። ሼፕፋይል ዳተሙን ከሚናገረው `.prj` ፋይል ውጭ ተልኮ ከመጣም ኪውጂአይኤስ ከሌየሩ ስም ጎን የጥያቄ ምልክት ያደርጋል። ያን ምልክት በግምት ከመሙላት ላኪውን ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከአዲንዳን ወደ WGS 84 የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ለሱዳን የተሰላ አለ፣ ለማሊ አለ፣ ለኢትዮጵያም አለ። የኢትዮጵያው፣ የዳተሙን መሃል በሦስት አቅጣጫ የሚያሸጋግሩት ቁጥሮች -165፣ -11 እና 206 ሜትር ናቸው። ለኢትዮጵያና ለሱዳን በአማካይ የወጣውም -166፣ -15 እና 204 ይላል። በወሎ የሁለቱ ልዩነት 3 ሜትር ገደማ ነው። የትኛው ይሻላል በሚለው ሁሉም አይስማማም፤ ለእኛ መሬት ግን ለእኛ የተሰላው ይቀድማል። የተመረጠው መንገድ በ `Project` → `Properties…` → `Transformations` ይታያል። አንድ ቡድን ሁሉ አንዱን ይዞ መሥራቱ ግድ ነው፤ አለዚያ አንድ ወሰን በሁለት ሰው እጅ ሁለት ይሆናል።

ክፍተቱን መለካት ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ወደ 228 ሜትር ከሆነ የዳተሙ መለያ ተሳስቷል። ወደ 136 ሜትር፣ በምሥራቅና በሰሜን እኩል ከሆነ ደግሞ የአዲንዳን ዲግሪ እንዳለ እንደ WGS 84 ዲግሪ ተወስዷል። ደሴ ሱዳን ውስጥ ከታየች ዞን 36 ተመርጧል። ሰርዲኒያ አጠገብ ባሕር ውስጥ ከገባች ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ኬንያ ውስጥ ኪሱሙ አካባቢ ከተገኘች ደግሞ ዲግሪው እንደ ሜትር ተነቧል።

የእጅ ጂፒኤስ የራሱ ወጥመድ አለው። የመሣሪያው ስክሪን በአዲንዳን እንዲያሳይ ከተስተካከለ፣ በወረቀት የተገለበጠው ቁጥር አዲንዳን ነው። ከዚያው መሣሪያ የሚወጣው የ GPX ፋይል ግን ምንጊዜም WGS 84 ነው። አንድ ቀያሽ ግማሹን ነጥብ ከወረቀት፣ ግማሹን ከፋይል ሲያስገባ ማሳው ለሁለት ይሰነጠቃል። ስለዚህ መስክ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ዳተሙም ይጻፍ።

ሁሉም ተስተካክሎ የሚቀር ክፍተት አለ። ይህን ለመለየት ተራርቀው ያሉ ሦስት ግልጽ ምልክቶች ይያዙ፦ የአስፋልት መገናኛ፣ ድልድይ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ ጥግ። በሦስቱም ላይ ክፍተቱ በመጠንም በአቅጣጫም አንድ ከሆነ ጉዳዩ አሁንም የዳተም ሊሆን ይችላል። ሜዳው ላይ ገጥሞ ገደሉ ላይ ከሸሸ ግን ጥፋቱ የምስሉ ነው። ሳተላይቱ በሰያፍ ሲያይ ተራራው ምስሉን ይገፋዋል። በደሴ ዙሪያ ባሉ ተዳፋቶች ይህ በደንብ ይታያል፤ የቱንም ያህል ዳተም ቢቀያየር አይስተካከልም። እዚያ ምስሉን በከፍታ መረጃ እንደገና ማረም ወይም በአውሮፕላን የተነሳ የታረመ ፎቶ መጠቀም ያስፈልጋል።

ስፋትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከኢንተርኔት የሚመጡት የጀርባ ምስሎች በ `EPSG:3857` ናቸው። በዚህ ላይ ስፋት በቀጥታ ከተሰላ የወሎ ማሳ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህል ይተልቃል። በ `Field Calculator` የሚከተለው ሲጻፍ፣ የፕሮጀክቱ ኤሊፕሶይድ፣ ማለትም የምድር ቅርፁ፣ WGS 84 የስፋት መለኪያውም ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ሄክታሩ ከዚህ መዛባት ነፃ ሆኖ ይወጣል።

```
$area / 10000
```