የሲም ካርድ ቅየራ ማጭበርበር በወሎ፦ የቁጥር መነጠቅን ከኔትወርክ መጥፋት መለየት

ሲም ስዋፕ የሚባለው ማጭበርበር አንድ ሰው የሌላውን ስልክ ቁጥር በሌላ ሲም ካርድ ላይ አስወጥቶ የሚፈጽመው ስርቆት ነው። ስልኩ አይሰረቅም፣ ካርዱም ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ይህ የሚቻለው ቁጥሩ የሚኖረው በካርዱ ውስጥ ሳይሆን በቴሌኮም ድርጅቱ መዝገብ ላይ ስለሆነ ነው። ካርዱ የያዘው የራሱን 15 አሃዝ መለያና የሚስጥር ቁልፍ ነው፤ ያንን መለያ ከ09 ወይም ከ07 ቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው መዝገቡ ነው። አንድ ሰው «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ሲያወጣ መዝገቡ ቁጥሩን ከአዲሱ ካርድ ጋር ያያይዘዋል፤ የድሮው ካርድ ከዚያ በኋላ አይሠራም። አገልግሎቱ ሲም ለጠፋበት ደንበኛ የግድ የሚያስፈልግ ነው። አጭበርባሪውም የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ በሐሰተኛ መታወቂያ፣ አስቀድሞ በለቃቀመው የግል መረጃ፣ ወይም ከውስጥ በሚተባበረው ሰው። በሲሙ ላይ የሚደረገው የፒን ቁልፍ ይህንን አያስቆምም፤ እሱ የሚጠብቀው ካርዱን እንጂ ቁጥሩን አይደለም።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በኋላም ኤምፔሳ ሲጨመር፣ ስልክ ቁጥር እንደ ሂሳብ ቁጥር ሆኗል። በወሎ ደግሞ ሌላ ክር አለው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከቆቦ ልጆቹን ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የላከ ቤተሰብ ብዙ ነው። የሚገናኙትም በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ነው። እነዚህ ሁሉ በስልክ ቁጥር የሚከፈቱ ስለሆኑ ቁጥሩን የያዘ ሌባ ባንኩን ባይደርስበት እንኳ «ታምሜያለሁ፣ በዚህ ቁጥር ላኪልኝ» ብሎ ለእህት መጻፍ ይችላል። የወሎ ሰው ዘመዱ ሲጨንቀው ቆም ብሎ የሚጠይቅ አይደለም፤ ይህ መልካም ባሕርይ እዚህ ላይ ለሌባው ያመቸዋል።

ዋናው ምልክት የኔትወርክ ድንገተኛ መጥፋት ነው፤ የወሎ ችግርም ከዚሁ ይጀምራል። በ2013 እና በ2014 በጦርነቱ ወራት መስመር ተቋርጦ ቆይቷል፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮም የሞባይል ዳታ በክልሉ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ማማ ላይ መብራት ሲጠፋም ኔትወርክ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ስልኩ ላይ ምልክቱ ሲጠፋ «ይመለሳል» ብሎ ወደ ሥራው ይዞራል። ሌባው የሚፈልገው ይህንኑ ሰዓት ነው።

ሁለቱን መለየት ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። መጀመሪያ የአውሮፕላን ሁነታውን ከፍቶ መዝጋት ወይም ስልኩን አጥፍቶ ማብራት። ካልተመለሰ አጠገብ ያለ ሰው በዚያው ድርጅት መስመር ኔትወርክ እንዳለው መጠየቅ። በዚያው ድርጅት ማለቱ ወሳኝ ነው፤ የእርስዎ የኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ የጎረቤትዎ የሳፋሪኮም ከሆነ ምንም አያረጋግጥም። በአንድ ስልክ ላይ የአንድ ድርጅት ሁለት ሲም ያለው ሰው አንዱ እየሠራ ሌላው ከሞተበት ጥርጣሬው ከባድ ነው። ስክሪኑም ይናገራል፦ No SIM የሚል ከሆነ ካርዱ ተበላሽቶ ወይም ተንሸራቶ ይሆናል፤ No service ወይም Emergency calls only የሚል ከሆነ ግን ካርዱ ተነቧል፣ ኔትወርኩ ነው ያልተቀበለው። የመጨረሻው ፈተና ከሌላ ስልክ ወደ ራስ ቁጥር መደወል ነው። የእርስዎ ስልክ በድን ሆኖ እያለ ጥሪው በሌላ በኩል ከጠራ ቁጥሩ ሌላ ሰው ጋ ነው። «አገልግሎት መስጠት አይችልም» የሚል መልስ ከመጣ ግን ነገሩ አልተረጋገጠም፤ ሌባውም ስልኩን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በፊት የሚመጡ ምልክቶችም አሉ፤ ያልጠየቁት የማረጋገጫ ኮድ፣ ያልጠየቁት የሲም ቅየራ መልእክት፣ ስልክዎን ተማርረው እንዲያጠፉት ታስቦ የሚደረግ የጥሪ ናዳ።

ለምሳሌ በባቲ የሰኞ ገበያ ፍየል የሚነግድ ሰው እናስብ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «ከቴሌ ነው፣ መስመርዎን እያሳደግን ነው» የሚል ሰው ደውሎ ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑንና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሩን ይጠይቀዋል፤ እሱም ይነግረዋል። 5 ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ይጠፋል። ገበያው ሞቅ ብሏል፣ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነው፣ ስለዚህ መስመሩ የተጨናነቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አጠገቡ ያለው ደላላ በዚያው መስመር እያወራ ነው። በደላላው ስልክ የራሱን ቁጥር ሲሞክር ይጠራል፣ ከዚያ ይዘጋበታል። ሌባው ምትኩን ካወጣ በኋላ ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል፤ ሚስጥር ቁጥሩን ደግሞ ጠዋት ተቀብሏል። ሲሙ ብቻውን ቴሌብሩን አያስከፍትም ነበር፤ የጎደለውን የሰጠው ያ ጥሪ ነው።

ይህ ሰው ማድረግ ያለበት ከደላላው ስልክ ሳይለቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ወደ 994 (ለሳፋሪኮም 700) ደውሎ ሲሙ መቼ እንደተቀየረ መጠየቅና ቁጥሩን ማዘጋት። ይህ መቅደም ያለበት ቁጥሩ ሲዘጋ ለሁሉም አገልግሎት የሚላከው ኮድ በአንድ ጊዜ ስለሚቆም ነው። ከዚያ ወደ 127 ደውሎ ቴሌብሩን፣ ወደ ባንኩ ደውሎ የሞባይል ባንኪንጉንና ሂሳቡን ማሳገድ፤ የንግድ ባንክ 951 ነው። ሁለት ስልክ ከተገኘ ግን ቴሌውና ባንኩ በአንድ ጊዜ ይደወሉ። ብሩ ከሂሳቡ ወጥቶ ከሆነ ባንኩ የተላከበትን ሂሳብ እንዲይዘው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሂሳብ በወኪል በኩል ወጪ ከተደረገ በኋላ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ሦስተኛው የዘመድ ጉዳይ ነው። የሞተ ሲም ያለበት ስልክ በዋይፋይ ይሠራል፤ ቴሌግራሙም እንደተከፈተ ይቆያል። እዚህ ላይ ባለቤቱ ይበልጣል፦ ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ለ24 ሰዓት እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ስለዚህ በነባሩ ስልክ Settings ውስጥ Devices ገብቶ Terminate all other sessions መጫን፣ ወዲያውም Two-Step Verification ማብራት ይቻላል። ዋትስአፕ ግን ነባሩን ወዲያው ያስወጣል፤ እሱ የሚመለሰው ቁጥሩ ሲመለስ ነው። ሳዑዲ ያለችውን እህት በሌላ ሰው ስልክ በድምፅ ማስጠንቀቅ ከሁሉም ይፈጥናል።

ከዚያ መታወቂያ ይዞ ወደ ድርጅቱ አገልግሎት ማዕከል መሄድና ቁጥሩን በአዲስ ካርድ ማስመለስ ነው። በዚያው ምትኩ የወጣበትን ቀን፣ ሰዓትና ማዕከል የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ ይገባል፤ ለፖሊስ ከሚሰጡት ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው፣ ከባንክ መግለጫው ጋር ሲያያዝም ቅደም ተከተሉን ያሳያል። ድርጊቱን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመለከተዋል።

ኔትወርክ እያለ ጥሪ ብቻ የማይገባ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚደረገውም ባለቤቱ ራሱ ኮድ እንዲደውል ተታሎ ነው። በመጀመሪያው ኮድ ይታያል፣ በሁለተኛው ይሰረዛል፦

```
*#21#
##002#
```