አዲስ የመጣ መረጃ ነባሩን ዳሽቦርድ ከመተካቱ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በየቀኑ የሚታደስ ዳሽቦርድ፣ ማለትም ቁጥሮችን በግራፍ የሚያሳይ ገጽ፣ ከምንጩ ያመጣውን ፋይል ወዲያውኑ በነባሩ ላይ መገልበጥ የለበትም። አዲሱ ፋይል በጊዜያዊ ስም ተቀምጦ ከትናንቱ ጋር ይመሳከራል፤ ፍተሻውን ሲያልፍ ብቻ ቦታውን ይይዛል። ካላለፈ የትናንቱ ገጽ፣ ቀኑ በግልጽ ተጽፎበት፣ ባለበት ይቆያል።

የኮሮና ወረርሽኝ ቁጥሮች የዚህን ሥራ ጠባይ በደንብ ያሳያሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚደመር የሟቾች ቁጥር ሊያድግ ወይም ባለበት ሊቆም እንጂ ሊቀንስ አይገባውም። ስፔን ግን በግንቦት 2020 (እ.ኤ.አ.) መዝገቧን አጣርታ ከድምሩ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሞት ቀነሰች። ከድምሩ ላይ የዕለቱን ቁጥር የሚያሰላ ዳሽቦርድ ሁሉ በዚያ ቀን ከዜሮ በታች የሆነ ሞት አገኘ። እርማቱ ትክክል ነበር፤ ስለዚህ ፍተሻው ስህተት አግኝቻለሁ ብሎ መረጃውን መጣል የለበትም። ሥራው ማቆምና ሰው መጥራት ነው።

ክፍተትን ማየት ከዚህ ይከብዳል። ሪፖርት ያልቀረበበት ቀን ባዶ ሆኖ መቀመጥ ሲገባው ብዙ ጊዜ በ0 ይሞላል፤ በማግስቱም የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል። ቅዳሜና እሁድ ሪፖርት የማያወጣ አገር በየሰኞው ወረርሽኝ የፈነዳበት ይመስላል። ስለዚህ ሰኞ የሚነጻጸረው ካለፈው ሰኞ ጋር እንጂ ከእሁድ ጋር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የደረሰው ነው። ከላቦራቶሪዎች የሚመጣው ውጤት ከ65,536 በላይ ረድፍ መያዝ ወደማይችል የቆየ የኤክሴል ፋይል ይገባ ነበር። ለአንድ ሰው ብዙ ረድፍ ስለሚያስፈልግ አንዱ ፋይል የሚበቃው ለ1,400 ያህል ሰዎች ብቻ ነበር፤ የተረፈው ያለምንም ማስጠንቀቂያ ተቆርጦ ቀረ። ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 15,841 ታማሚዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ያገኟቸውን ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራም ዘገየ።

በእነዚያ ቀናት የወጣው የዕለት ቁጥር ከ4,000 እስከ 7,000 አካባቢ ስለነበር እንግዳ ነገር አልታየበትም። የጎደለው ተጨምሮ በጥቅምት 4 ቁጥሩ 22,961 ሲደርስ ነው ግራፉ የዘለለው። ድንገተኛ ዝላይን ብቻ የሚጠብቅ ፍተሻ ቢኖር ኖሮ ጎዶሎዎቹን ቀናት አሳልፎ ማካካሻውን ባገደ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚይዘው ከግራፉ ውጭ ያለ ቆጠራ ነው። ላኪው ስንት ረድፍ እንደላከ ለብቻው ያሳውቃል፤ ተቀባዩም የደረሰውን ቆጥሮ ያመሳክራል፤ አንድ እንኳ ቢጎድል ገጹ አይታደስም። የረድፉ ብዛት ልክ 65,536 ላይ ወይም በሌላ የታወቀ ጣሪያ ላይ ከቆመም ፋይሉ ተቆርጧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ዘግይቶ የተገኘው ውጤት ደግሞ በተገኘበት ቀን ተቆልሎ እንዳይቀር፣ ናሙናው ወደተወሰደበት ቀን ተመልሶ ይመዘገባል።